አቼቶ በታይትሬሽን ሲለካ፦ ኢንዲኬተሩ ሲያሳስትና ቀለሙ አልቆም ሲል

በሐዋሳ በሠራሁባቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪዎች በተደጋጋሚ የተበላሸ ውጤት ይዞ የሚመጣው የታይትሬሽን ሙከራ የአቼቶው ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ከሱቅ ከተገዛ ነጭ አቼቶ 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በተጣራ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፣ ከዚያ 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወደ ኮኒካል ፍላስክ ይገባል፣ ቡሬቱ ውስጥ ደግሞ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይኖራል። ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አቼቶው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ካለው፣ ማለትም በሊትር 50 ግራም ገደማ ከያዘ፣ ከቡሬቱ መውረድ ያለበት ወደ 20.8 ሚሊ ሊትር ነው። ቡሬቱ በራሱ መፍትሔ መታጠቡን፣ ከቧንቧው ሥር የአየር አረፋ አለመኖሩን፣ ንባቡም በዓይን ትክክል መወሰዱን አረጋግጣችኋል ብዬ እቀጥላለሁ።

ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲለወጥና ንባቡ በጣም ሲያንስ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። አንዱ ቡድን 4 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 6፣ ሦስተኛው 7 ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም «ቲቸር፣ ተለወጠ የሚባለው የቱ ጋ ነው?» እያሉ ፍላስኩን ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ፍላስኩ ውስጥ ያለው ቀለም ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ቁርጥ ያለ ቦታ የለውም። ይህን ስታዩ ጠብታው የተወሰደበትን ጠርሙስ አንብቡ፤ ሜቲል ኦሬንጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሜቲል ኦሬንጅ ቀለሙን የሚለውጠው ከፒኤች 3.1 እስከ 4.4 ባለው ክልል ነው። ወደ 0.083 ሞላር የቀጠነው አቼቶ ደግሞ ገና ሳይጀመር ፒኤቹ 2.9 አካባቢ ነው፤ አሲዱ ደካማ በመሆኑ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ፒኤቹ በዚያው ክልል ውስጥ በዝግታ ይጓዛል። ስለዚህ ኢንዲኬተሩ ከመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጀምሮ መለወጥ ይጀምርና 6.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሙሉ ቢጫ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ገለልተኛ የሆነው አሲድ 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተማሪው 6.3ን ይዞ ሲያሰላ አቼቶው 1.5 በመቶ ብቻ አሲድ ያለው ይመስለዋል፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚሁ ስሌት «ሱቁ ውሃ የቀላቀለበት አቼቶ ሸጦልናል» ተብሎ ጠርሙሱ ሊመለስ ሲል ደርሻለሁ። አቼቶው ምንም አልጎደለውም ነበር።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፣ መፍትሔውንም መድፋት አያስፈልግም። ቢጫ በሆነው ፍላስክ ላይ ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ጨምሩ፤ ቢጫው እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ከቡሬቱ ማውረዱን ቀጥሉ፤ 20.8 አካባቢ ሲደርስ አንድ ጠብታ ቢጫውን በድንገት ቀላ ወዳለ ብርቱካናማ ይለውጠዋል። ትክክለኛው ነጥብ ያ ነው፤ ለመዝገብ የሚሆነው ንባብ ግን በአዲስ ናሙና፣ ፊኖልፍታሊን ብቻ ተጨምሮበት መወሰድ አለበት።

ፊኖልፍታሊን የሚስማማበት ምክንያት አሲዱ በሙሉ ወደ ሶዲየም አሴቴት ሲለወጥ መፍትሔው ትንሽ ቤዛዊ ሆኖ ፒኤቹ 8.7 ገደማ ላይ ስለሚያርፍ፣ ኢንዲኬተሩም የሚለወጠው ከ8.2 እስከ 10 ባለው ክልል ስለሆነ ነው። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከእኩልነቱ ነጥብ አንድ ጠብታ ሲቀር ፒኤቹ 7.4 ነው፣ አንድ ጠብታ ሲያልፍ ደግሞ 10 ይደርሳል። ለውጡ በሁለት ጠብታ ውስጥ የሚያልቀው በዚህ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን ዝላዩ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱም ኢንዲኬተሮች ይሠራሉ፤ «ባለፈው ሳምንት በሜቲል ኦሬንጅ ሠርቶልን ነበር» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚያ ነው። አሞኒያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲለካ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጥቡ ከ7 በታች ስለሚወድቅ ሜቲል ሬድ ወይም ሜቲል ኦሬንጅ ያስፈልጋል። አቼቶን በአሞኒያ ለመለካት አትሞክሩ፤ ሁለቱም ደካማ ስለሆኑ በጥራት የሚያሳይ ኢንዲኬተር የለም።

ሮዙ ቀለም ብቅ ብሎ ሲጠፋ

ሁለት ዓይነት መጥፋት አለ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ሮዝ ሆኖ ፍላስኩ ሲወዘወዝ የሚጠፋው ነጥቡ መቅረቡን የሚናገር ጤናማ ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል። ሙሉ ፍላስኩ ሮዝ ሆኖ ከቆየ በኋላ የሚደበዝዘው ግን ከአየር በሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሳ ነው። ቀለሙ ተወዝውዞ 30 ሰከንድ ከቆየ ንባቡን ውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ ቢነጣም አትጨምሩበት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ «ነጥቷል» እያለ ጠብታ የሚጨምር ተማሪ የሚለካው አቼቶውን ሳይሆን የክፍሉን አየር ነው።

ገና 30 ሰከንድ ሳይሞላ እየደጋገመ ከጠፋ ውሃውን ጠርጥሩ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ የተጣራ ውሃ አልቆ አቼቶው በቧንቧ ውሃ ከቀጠነ አሲዱ ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጋዙ ከፊሉ ይወጣል፣ ከፊሉ ውስጥ ይቀርና ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ይሻማል፤ ምን ያህሉ እንደሚወጣ በአወዛወዙ ስለሚወሰን የአንዱ ንባብ ከሌላው አይገጥምም። መድኃኒቱ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ እሱንም አፍልቶ ተከድኖ ማቀዝቀዝ ይረዳል።

ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር የጋገረበት የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠርሙስም እንዲሁ አየር የጠጣ ነው፤ ከፊሉ ካርቦኔት ሆኗልና የተለጠፈበትን 0.1 አትመኑ። በሊትር 6.3 ግራም ክሪስታል ኦክሳሊክ አሲድ አሟሙታችሁ፣ ያንኑ ፊኖልፍታሊን ተጠቅማችሁ ጥንካሬውን ለኩት፤ በሁለቱም ሥራ ኢንዲኬተሩ አንድ ሲሆን ካርቦኔቱ የሚያመጣው ስህተት በአብዛኛው ይጣፋል።

ቀለሙ ሲደምቅ

አንድ ቡድን ጓደኞቹ ያገኙት ሮዝ «ፈዛዛ ነው» ብሎ የጽጌረዳ ያህል እስኪደምቅ ድረስ ሲያወርድ አይቻለሁ፤ ንባቡ 22.4 ሆኖ ተመዘገበ። ድምቀት የትክክለኛነት ምልክት አይደለም፣ የማለፍ ምልክት ነው። የሚፈለገው ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻ የሚታይ ሮዝ ነው፤ ስለዚህ ከፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ አጠገቡም ሮዝ ያልሆነውን ያው መፍትሔ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ጠብታው ሙሉ ሆኖ እንዳይወድቅ በቡሬቱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን በፍላስኩ ግድግዳ ነክቶ በተጣራ ውሃ ማውረድ ይቻላል። ካለፈ ደግሞ አቼቶ ጨምሮ ማስተካከል የለም፤ ያ ናሙና ቀርቷል፣ አዲስ ይወሰዳል። መጀመሪያ ፈጣን ግምታዊ ልኬት ወስዶ፣ ቀጥሎ ለዚያ ንባብ 1 ሚሊ ሊትር ሲቀር ጠብታ በጠብታ መሄድ ጊዜም ይቆጥባል። ሁለት ንባቦች በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲገጥሙ ሥራው አልቋል።

ፊኖልፍታሊን ሲጨመር ደመና የሚፈጠረው ብዙ ጠብታ ስለገባ ነው፤ በአልኮል የሚሟሟ እንጂ በውሃ የሚሟሟ አይደለምና ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃል። ቀይ አቼቶ ከሆነ ቀለሙ ሮዙን ስለሚሸፍነው ነጩን ግዙ። ፒፔትን በአፍ መሳብ ክልክል ነው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የመስታወት ቧንቧ ያለውን ቡሬት ሥራው እንዳለቀ አጥቡት፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ አድሮበት የተጣበቀ ቡሬት ሲከፈት ይሰበራል።