ጣሪያው ከመከፈቱ በፊት፦ ቤት ሲታደስ ከኢንሹራንስ ጋር የሚሠሩ ስህተቶች

በሜሪላንድ የቤት ኢንሹራንስ እሸጣለሁ፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ደወሉልኝ። ከድምፃቸው ኋላ ውኃ ባልዲ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ጣሪያው ላይ የወጠሩት ሸራ ተገንጥሎ ዝናቡ መኝታ ቤቴ ገባ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም ራሰ።»

«እትዬ፣ ጣሪያው ለምን ተከፈተ?»

«ፎቅ እየጨመርን ነዋ። ልጄ ከነሚስቱ ሊገባ ነው።»

«ለእኛ ነግረውናል?»

«ሲያልቅ ልነግርህ ነበር እኮ!»

በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደዚህ መልስ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ሲያልቅ እነግራለሁ» ማለት

ሰው ይህን የሚለው ኢንሹራንሱ የሚመለከተው ያለቀውን ቤት ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ነገር ግን ቤት በዕድሜው በጣም ለአደጋ የሚጋለጠው ጣሪያው ተከፍቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተንጠልጥሎ፣ ግቢው ውስጥ እንጨት ተከምሮ ባለበት ጊዜ ነው። ውሉን ስትፈራረሙ ኩባንያው የምትከፍሉትን አረቦን ያሰላው ደግሞ ሰው ለሚኖርበት፣ ለተዘጋና ላለቀ ቤት ነው።

የእትዬን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። በአሜሪካ አብዛኛው የግል ቤት ዋስትና የሚገባለት ኤችኦ 3 በሚባለው የውል ዓይነት ወይም እሱን በሚመስል ነው። ይህ ውል የቤቱን አካልና በውስጡ ያለውን ዕቃ ለያይቶ ያያል። ለቤቱ አካል፣ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር የትኛውም የጉዳት ምክንያት ይሸፈናል። ለዕቃው ግን በስም የተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ናቸው የሚሸፈኑት። ዝናብ ዕቃ ቢያበላሽ ካሳ የሚከፈለው አስቀድሞ ነፋስ ወይም በረዶ ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን ቀዶ ዝናቡ በዚያ ቀዳዳ ከገባ ነው። የእትዬን ጣሪያ የከፈቱት ሠራተኞቹ ናቸው። «ሸራውን የወሰደው ነፋስ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ኩባንያው ደግሞ ሸራ ጣሪያ አይደለም አለ። ለአልጋውና ለቁም ሳጥኑ ምንም አልተከፈላቸውም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳና ወለል ጉዳይ ከተበላሸ ሥራ የመጣ ጉዳትን ከሚከለክለው አንቀጽ ጋር ተያይዞ ወራት የፈጀ ክርክር ሆነ።

ስርቆትም እንዲሁ ነው። በመደበኛው ውል በግንባታ ላይ ካለ ቤት የሚሰረቅ ነገርና ለግንባታው የመጣ ዕቃ ቤቱ አልቆ ሰው እስኪገባበት ድረስ አይሸፈንም። ሰዎች እየኖሩበት በሚታደስ ቤት ላይ ይህ አንቀጽ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ራሱ ያከራክራል። ጋራዡ ውስጥ የ15,000 ዶላር የማእድ ቤት ቁም ሳጥን ደርድሮ በዚህ ክርክር ውጤት ላይ መተማመን ለማንም አልመክርም።

እትዬ ከአንድ ወር በፊት ቢደውሉ ኖሮ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ የሚያወጡትን ገንዘብ፣ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነና እዚያው እየኖሩ መሆን አለመሆኑን እጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ወይ በነበረው ውል ላይ የግንባታ ጊዜ ማሻሻያ ይጨመራል፣ ወይ ቢልደርስ ሪስክ የሚባለው የግንባታ ዋስትና ለብቻው ይገዛል። ኩባንያው «ይህን አልሸፍንም» ሊልም ይችላል። እሱም ቢሆን ጣሪያው ሳይከፈት ቢሰማ ይሻላል፤ ሌላ ኩባንያ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራልና።

ቀለም ለመቀባት ወይም ምንጣፍ ለመቀየር ማንም ደውሉ አይላችሁም። የሚነገረው ጣሪያ ወይም ተሸካሚ ግድግዳ ሲነካ፣ ስፋት ሲጨመር፣ የኤሌክትሪክ፣ የውኃ ወይም የማሞቂያ መስመር ሲቀየር፣ ወይም ቤቱ ተለቅቆ ሲታደስ ነው።

«ችግር ቢመጣ አዲሱ ክፍል ነው የማይከፈለው» ብሎ ማሰብ

ይህኛው ስህተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው አሮጌውን ቤት ነው። ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጭማሪ በራሱ የቤቱ አካል ሆኖ ይሸፈናል። ችግሩ ያለው የዋስትናው መጠን ላይ ነው።

ውሉ አንድ የሰማንያ በመቶ ደንብ አለው። ጉዳት በደረሰበት ቀን ዋስትናችሁ ቤቱን እንደገና ለመሥራት ከሚያስፈልገው ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ ከሆነ የእርጅና ቅናሽ ሳይደረግ ሙሉ የመጠገኛ ወጪ ይከፈላችኋል። ከዚያ ካነሰ ግን ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

በቁጥር እንየው። አንድ ቤት እንደገና ቢሠራ 350,000 ዶላር ይፈጃል፤ ዋስትናው 320,000 ነው። ይህ ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ ባለቤቱ ምንም የሚያሳስበው ነገር የለም። ከዚያ በ130,000 ዶላር ከኋላ በኩል ሁለት መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ጨመረና ለማንም አልተናገረም። አሁን ቤቱን እንደገና ለመሥራት 480,000 ያስፈልጋል፤ የዚህ 80 በመቶ 384,000 ነው። ዋስትናው ግን እዚያው 320,000 ላይ ቆሟል፤ ማለትም ሊኖረው ከሚገባው ከስድስት አምስት እጁ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አሮጌው ማእድ ቤት ውስጥ ዘይት ተቀጣጠለና የ60,000 ዶላር ጉዳት ደረሰ። አዲሱን ክፍል ጭስ እንኳ አልነካውም። ኩባንያው የሚያሰላው ግን ከ60,000 ላይ ከስድስት አምስት እጁን፣ 50,000 ዶላር ነው፤ ከዚያም ላይ ባለቤቱ ከራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ ይነሳል። በእርጅና ተቀንሶ የሚሰላው ዋጋ ከዚህ ከበለጠ እሱ ይከፈላል፤ ሃያ ዓመት ባገለገለ ማእድ ቤት ላይ ግን ይህ እምብዛም አይሆንም። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ደግሞ 320,000 ዶላር ተከፍሎ ለተቀረው 160,000 ባለቤቱ ራሱ ይፈልግለታል።

«እኔ እኮ ከዋስትናው መጠን በላይ የሚከፍል ተጨማሪ ገዝቻለሁ» የሚል ደንበኛ አለኝ። መልካም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን የውል ማሻሻያ ገልጣችሁ ብታነቡ ብዙ ጊዜ አንድ ግዴታ ታገኛላችሁ፦ ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳድግ ሥራ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ። በምሳሌያችን 5 በመቶ ማለት 17,500 ዶላር ነው። አንድ መታጠቢያ ቤት ብቻውን ይህን ያልፋል።

የገበያ ዋጋንም ከዚህ ጋር አታምታቱ። ቤቱ 650,000 ዶላር ይሸጣል ማለት 650,000 ዋስትና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ መሬቱ አይቃጠልም። ባንኩ ወይም የካውንቲው ግብር ገማች ለኢንሹራንሱ ይነግርልናል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው፤ የእነሱ መዝገብ ሌላ፣ የኢንሹራንሱ መዝገብ ሌላ ነው።

ቤቱን ለቅቆ መሄድና ዝም ማለት

አቧራውን ሽሽት ለሦስት ወር ዘመድ ቤት የሚገባ ብዙ ነው። አንዳንዱም አጋጣሚውን ተጠቅሞ አገር ቤት ይሄዳል። በመደበኛው ውል ቤቱ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ባዶ ከሆነ ሆን ተብሎ ለደረሰ ጥፋት፣ ለምሳሌ ጎረምሶች ገብተው ለሰባበሩት ነገር፣ ካሳ አይከፈልም። «ባዶ» ማለት ሰውም ዕቃም የሌለበት ማለት ነው፤ ዕቃው እንዳለ ሆኖ ሰው ብቻ ከሌለ ጉዳዩ ይለያል። ይህ ልዩነት በጽሑፍ የተመዘገበ ካልሆነ በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

በክረምት የሚፈራው ግን ቧንቧ ነው። በጥር ወር ማሞቂያው ለቅየራ ተነቅሎ ውኃው ሳይዘጋ ቢቀር ቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ሰው በሌለበት ወይም በግንባታ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ይህ ሲደርስ ኩባንያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቤቱ እንዲሞቅ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገሃል፣ ወይስ ውኃውን ዘግተህ ከቧንቧው አፍስሰሃል? ከሁለቱ አንዱንም ካላደረጋችሁ ካሳ አትጠብቁ። ዋናውን ቫልቭ ስትዘጉ ፎቶግራፍ አንሱ።

«ኮንትራክተሩ ኢንሹራንስ አለው» በሚል ቃል መርካት

ሊኖረው ይችላል። የእሱ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ግን በእሱ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ነው፤ መብረቅ ቢመታችሁ አያገባውም። ማስረጃውን ከኮንትራክተሩ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከኢንሹራንስ ወኪሉ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ በኢሜይል የመጣ የዓምናው ወረቀት ዛሬ ለመጽናቱ ዋስትና አይሆንም። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መኖሩንም ተመልከቱ፤ ከመሰላል የወደቀ ሠራተኛ ካሳ የሚከፍለው ካጣ ወደ ባለቤቱ መዞሩ አይቀርም። በሜሪላንድ ደግሞ የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ኮንትራክተር ከግዛቲቱ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከሥራው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልም አይችልም። ያገራችን ልጅ ስለሆነ ብለን ይህን ሳንጠይቅ ማለፋችን የእኛ ድክመት ነው።

ቤዝመንቱን ሠርቶ አከራይቶ ዝም ማለት

ቤዝመንቱ አለቀ፣ ማእድ ቤት ገባለት፣ ተከራይ ገባ። አሁን የተቀየረው ስፋቱ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አገልግሎትም ተቀይሯል። ለምሳሌ ካከራያችሁት ክፍል ውስጥ የእናንተ ዕቃ ቢሰረቅ መደበኛው ውል አይሸፍነውም። ሁለተኛ ምድጃ መግባቱም፣ የእንጀራ ምጣድ ቀኑን ሙሉ መሥራቱም ለኩባንያው አዲስ የእሳት ምንጭ ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያላችሁም ብትሆኑ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዋስትና የገባ ሰው አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲኖር እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

በቃል ነግሮ መተው

«ለአንዲት ልጅ በስልክ ነግሬያት ነበር» የሚል ደንበኛ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ ግን ሥራ ቀይራለች። ከስልኩ በኋላ አጭር ኢሜይል ይጻፍ፦ «ከመጋቢት 1 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል በቤቴ ላይ ፎቅ ይጨመራል። ወጪው 130,000 ዶላር ነው። እዚያው እየኖርን ነው። በሥራው ጊዜም ሆነ ካለቀ በኋላ ዋስትናዬ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አሳውቁኝ።» መልስ ሳይመጣ ኮንትራክተሩ መዶሻውን አያንሳ።

መልሱ ሲመጣ የተሻሻለው ውል የመጀመሪያ ገጽ አብሮት መምጣት አለበት። እዚያ ላይ የቤቱን የዋስትና መጠንና ማሻሻያው የሚጸናበትን ቀን ፈልጉ። ቀኑ ሥራው ከተጀመረበት በኋላ ከሆነ ያኔውኑ ደውላችሁ አስተካክሉት።