ከቤት ሆናችሁ ልትፈተኑ ነው? ቅድመ ፍተሻውን እንዲህ ሞክሩት

በካሜራ እየታያችሁ ኦንላይን ፈተና የምትወስዱ ካላችሁ፣ ካሜራው፣ ማይኩና ኢንተርኔቱ መሥራታቸው የሚታይበትን ቅድመ ፍተሻ በምትፈተኑበት ላፕቶፕ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኢንተርኔት፣ ከተቻለም ፈተናው በሚጀምርበት ሰዓት ሞክሩት። እኔ ቀን ቢሮ ሆኜ ስሞክረው ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ማታ ቤት ስከፍተው ካሜራው ጥቁር ብቻ አሳየኝ። ለካ የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ ከጀርባ ክፍት ሆኖ ካሜራውን ይዞታል! መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ ፕሮግራሙን ራሱን አጥፉት።

ማይክም እንደዚሁ ነው። ብሉቱዝ ማዳመጫችሁ ሌላ ክፍል ተቀምጦም ቢሆን ላፕቶፑ እሱን መርጦ ሊቆይ ይችላል፣ እናንተ ታወራላችሁ፣ የድምፅ መለኪያው ግን ንቅንቅ አይልም። ብሉቱዙን አጥፉና የላፕቶፑን ማይክ ምረጡ፤ ብዙ ፈተናዎች ማዳመጫ ስለማይፈቅዱ ለማንኛውም ያስፈልጋችኋል።

ኢንተርኔት ላይ ሰው የሚሳሳተው የማውረድ ፍጥነቱን ብቻ አይቶ ስለሚረካ ነው። የእናንተ ምስልና ድምፅ ወደ ተቆጣጣሪው የሚሄደው ግን በመላኪያው በኩል ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣም ያንሳል። ስልካችሁ በዚያ ሰዓት ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ ከሆነ ምስላችሁ ይቆራረጣል። ስለዚህ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉት፣ ላፕቶፑን በኬብል አገናኙት፣ ቪፒኤን ካለም ዝጉ።

ክፍሉን በካሜራ ዙሪያውን አሳዩ ትባላላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይም ሥሩም። ሁለተኛ ስክሪን ካላችሁ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ገመዱን ንቀሉት።