በሩ ጋ የሚጠፋው ፎከስ

የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ሳንቆርጥ እየቀረጽን ነበር። ስድስት ጊዜ ሞከርን። ስድስቱንም ጊዜ ተዋናይዋ በሩ ጋ ስትዞር ፊቷ ደበዘዘ።

ፎከስ የሚስበው፣ ማለትም ምስሉ ጥርት እንዲል የሌንሱን ቀለበት የሚያዞረው ልጅ የዘገየ መስሎኝ ነበር። ቀረጻውን ደጋግሜ ሳየው ግን ከፊቷ ይልቅ ከኋላዋ ያለው በር ጥርት ብሏል። ለካ ካሜራው ነው ከልምምዱ በላይ የሚጠጋት! የእሷን መቆሚያ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርገናል፤ የካሜራማኑን ግን ረስተናል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው ማለትም አፐርቸሩ 1.8 ሲሆን፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት የሚለው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ እርምጃ ሁሉንም ያበላሻል።

ለካሜራማኑም ቴፕ ለጠፍን፤ ርቀቱንም በሜትር ለካን። መጀመሪያ ተዋናይዋና ካሜራማኑ ያለ ካሜራ አብረው ተራመዱ። ፎከስ ሳቢውም መዞሯን መጠበቁን ትቶ፣ ከመዞሯ በፊት በምትናገረው ቃል ቀለበቱን ማዞር ጀመረ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባልና፣ አፐርቸሩን ወደ 4 ስናጠብ ደግሞ ጥርት የሚለው ቦታ እጥፍ ሆነ፤ መብራት ግን መጨመር ነበረብን። ስምንተኛው ቀረጻ ተሳካ።