የፔንዱለሙን ሠንጠረዥ እንዴት አስተካከልነው

ጎንደር፣ ፊዚክስ ላብራቶሪ። የአንዱ ቡድን ሠንጠረዥ የመሬት ስበት መጠን g = 9.802138 ይላል። በእጅ በተያዘ ሰዓት! ትርፉን አሃዝ ያመጣው ካልኩሌተሩ ነው።

L የፔንዱለሙ ርዝመት፣ T የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዩኒቱን ከየሳጥኑ አውጥተን፣ ከነስህተት ገደቡ ራስጌው ላይ አሰፈርነው፦

| L ± 0.001 (m) | 20T ± 0.2 (s) | T ± 0.01 (s) | g ± 0.1 (m/s²) |
|---|---|---|---|
| 0.800 | 35.9 | 1.80 | 9.8 |

0.2 ሰከንዷ ሰዓቱን ስናስነሳና ስናቆም እጃችን የሚዘገየው ናት። ለ20 ውዝዋዜ ስትካፈል 0.01 ትሆናለች። የ T አንጻራዊ ስህተት 0.56% ገደማ ነው። g ውስጥ T በካሬ ስለምትገባ እጥፍ ይሆናል፤ 1.1%፣ ማለትም 0.1። የ L ስህተት እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ g ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይበቃዋል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ስሌቱን በ 1.80 ብትሠሩት 9.7 ይወጣል። ሠንጠረዡ ላይ 1.80 ጻፉ፤ ስሌቱ ውስጥ ግን ያልተጠጋጋውን 1.795 አስገቡ።