የኢንዳክሽንና የኮንትራዲክሽን ፕሩፍ ማርክ የሚያጣባቸው ቦታዎች፦ ችግርና መፍትሄ

በሪል አናሊሲስ አሳይንመንት ላይ መልኩን እየቀያየረ የሚመጣ ጥያቄ እንውሰድ።

```
x₁ = 1,   xₙ₊₁ = √(2 + xₙ)
(ሀ) ለሁሉም n፣ xₙ < 2 መሆኑን አሳዩ።
(ለ) xₙ → L ከሆነ፣ L ≤ 2 መሆኑን አሳዩ።
```

(ሀ) የኢንዳክሽን፣ (ለ) የኮንትራዲክሽን ነው።

ምልክት፦ አራሚው «የሚረጋገጠውን ገምታችኋል» ብሎ ይጽፋል።
«ለሁሉም n፣ xₙ < 2 ነው እንበል» የሚል መስመር አለ ማለት ነው። እሱ ከተገመተማ ምን ቀረ? «k ≥ 1 የሆነ አንድ ቁጥር እንውሰድ፤ ለዚህ k፣ xₖ < 2 ነው እንበል» ተብሎ ይስተካከል።

ምልክት፦ ስሌቱ ሁሉ ልክ ነው፣ ማርኩ ግን ግማሽ ነው።
ይሄኛው ነው ማለቂያ የሌለው። ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ይህ ነው፦

```
√(2 + xₖ) < 2
2 + xₖ < 4
xₖ < 2   ✓
```

መንስኤው ፕሩፉ ተገልብጦ መጻፉ ነው። በመስመሮቹ መካከል ቃል ስለሌለ አንባቢ ከላይ ወደ ታች «ስለዚህ፣ ስለዚህ» እያለ ያነባል። በዚያ ንባብ የተገመተው xₖ₊₁ < 2፣ የተደረሰበት ደግሞ አስቀድሞ በእጅ የነበረው xₖ < 2 ነው። እውነት ላይ መድረስ የመነሻውን እውነትነት አያሳይም፤ −1 = 1 ብላችሁ ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ብታደርጉ 1 = 1 ታገኛላችሁ። «በየመስመሩ ⇔ ብጨምርበትስ?» የሚል አይጠፋም። ምልክቱን መጨመር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላም እንደሚሠራ ማሳየት ግን የጸሐፊው ዕዳ ነው።

መፍትሄው ያን ስሌት ረቂቅ ላይ መተውና ከታች ወደ ላይ ገልብጦ መጻፍ ነው። ሲገለበጥ የተደበቀ ቀዳዳ ብቅ ይላል። xₖ < 2 ብቻ ከተያዘ xₖ −5 ከመሆን የሚያግደው ነገር የለም፤ ያኔ ሩቱ ውስጥ −3 ይገባል። ስለዚህ ከተጠየቀው ጠንከር ያለውን 0 < xₙ < 2 ማረጋገጥ ነው። ጥያቄው ስላልጠየቀ አይከለከልም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያቀልለው እሱ ነው።

```
መነሻ፦ x₁ = 1፣ ስለዚህ 0 < x₁ < 2።
እርምጃ፦ ለአንድ k ≥ 1፣ 0 < xₖ < 2 ነው እንበል።
በየጎኑ 2 ስንደምር 2 < 2 + xₖ < 4።
√ በ[0, ∞) ላይ ጨማሪ ፈንክሽን ስለሆነ
√2 < xₖ₊₁ < 2፣ ስለዚህ 0 < xₖ₊₁ < 2።
```

ግምቱ የተሠራበትን መስመር በጣት ማሳየት መቻል አለባችሁ፤ እዚህ ላይ 2 የተደመረበት ነው። የሚታይ መስመር ከሌለ ኢንዳክሽን አልተሠራም።

ምልክት፦ መነሻው ተዘልሏል።
«n = n + 1» የሚለው ውሸት እንኳ እርምጃውን ያልፋል፤ k = k + 1 ከሆነ k + 1 = k + 2 ነውና። የሚወድቀው መነሻው ላይ ነው።

ምልክት፦ (ለ) ላይ «ሁሉም xₙ ከ2 ስለሚያንሱ L < 2» ተብሏል።
ኢንዳክሽን የሚናገረው ስለ እያንዳንዱ n ነው፤ L ግን ከxₙዎቹ አንዱ ላይሆን ይችላል። መልሱ ራሱ ስህተት ነው፦ L = √(2 + L) ሁለቱም ጎን ስኩዌር ተደርጎ ሲፈታ 2 ወይም −1 ይሰጣል፤ ሲኩዌንሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ L = 2 ነው። ሊሚት ሲወሰድ < ወደ ≤ ይላላል።

በኮንትራዲክሽን ሲሠራ ደግሞ የሚበላሸው የመጀመሪያው መስመር ነው። የL ≤ 2 ተቃራኒ L > 2 እንጂ L ≥ 2 አይደለም። ልዩነቱ የጌጥ አይደለም፤ L ≥ 2 ካላችሁ L − 2 ዜሮ ሊሆን ስለሚችል ε ልትሉት አትችሉም። «ε በጣም ትንሽ ይሁን» ማለትም አይበቃም፤ የትኛው ε እንደሆነ ይጻፍ።

```
L > 2 ነው እንበል። ε = L − 2 > 0 እንውሰድ።
xₙ → L ስለሆነ፣ n ≥ N ሲሆን |xₙ − L| < ε
የሚሆንበት N አለ።
ስለዚህ x_N > L − ε = 2።
ይህ በ(ሀ) ከተረጋገጠው x_N < 2 ጋር ይጋጫል። ስለዚህ L ≤ 2።
```

የመጨረሻው መስመር ከምን ጋር እንደተጋጨ በስም ይጥራ። «ተቃርኖ!» ብሎ መጮህ ፕሩፍ አይደለም፤ አራሚው ግጭቱን ፈልጎ እንዲያገኝላችሁ አትጠብቁ።

ምልክት፦ አራሚው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ሰርዞ ቀሪውን ትክክል ብሎታል።
«xₖ₊₁ ≥ 2 ነው እንበል» ተብሎ ተጀምሮ፣ ግምቱ አንዴም ሳይነካ xₖ₊₁ < 2 በቀጥታ ወጥቶ፣ ከዚያ «ተቃርኖ» ተብሏል። ቀጥተኛ ፕሩፍ ካባ ደርቦ ነው የመጣው፤ ስህተት ባይሆንም ሁለቱን መስመሮች ራሳችሁ አውጧቸው።