የሂተሩን ማኑዋል ለቤተሰቡ በአንድ ገጽ መጻፍ

የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ወደ አሜሪካ አዲስ የገባ ብዙ ሰው የሚገዛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ የክፍል ማሞቂያ ነው። ከካርቶኑ የሚወጣው ማኑዋል ማስጠንቀቂያዎቹን በተርታ ይደረድራቸዋል። አቧራውን ስለመጥረግ የሚናገረውና ቤት ከመቃጠል የሚያድነው በአንድ ዓይነት ፊደል ታትመው ስለሚቀመጡ፣ የደከመው ሰው ሁለት መስመር አንብቦ ይተወዋል። ስለዚህ ከቤታችሁ እንግሊዝኛ የሚያነበው ሰው ዋና ዋናዎቹን ለሌሎቹ በአማርኛ ይጻፍላቸው።

ከማስጠንቀቂያው ፊት ያለችውን ቃል በማየት ጀምሩ። በአሜሪካ አጠቃቀም «ዴንጀር» ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ይደርሳል ማለት ነው፤ «ዋርኒንግ» ደግሞ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «ኮሽን» ቀለል ላለ ጉዳት ሲሆን፣ «ኖቲስ» ሰው ሳይሆን ዕቃ ለሚበላሽበት ነው። ችግሩ የሂተር ማኑዋል ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ርዕስ ሥር ያጭቃቸዋል። ያኔ እያንዳንዱን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ይህን ብተላለፍ ምን ይደርሳል? እኛ ቤት ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው ወይ? ጉዳቱ ከባድ፣ ስህተቱም የየዕለት የሆነው ከላይ ይጻፍ።

በ1500 ዋት ሂተር እንየው። ማኑዋሉ በኤክስቴንሽን አትጠቀሙ ይላል። በ120 ቮልት ይህ ማሽን 12.5 አምፔር ይስባል። ቀጭን ገመድ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ምንጣፍ ሥር ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ብሬከሩ ላይቆርጥ ይችላል፣ ምክንያቱም የተሠራው ግድግዳ ውስጥ ላለው ወፍራም ሽቦ እንጂ ለቀጭኑ ገመድ አይደለም። ሶኬት ሁልጊዜ ከአልጋው ስለሚርቅ ኤክስቴንሽን የሁሉም ሰው ፈተና ነው፤ እኔ አንደኛ የማደርገው ይህንን ነው። ሁለተኛው የሚቃጠል ነገር፣ መጋረጃም አልጋ ልብስም፣ ከፊቱ ቢያንስ 1 ሜትር እንዲርቅ ነው። ሦስተኛው፣ ልብስ ለማድረቅ ላዩ ላይ አለማስጣት ነው። የአቧራው ጉዳይ ከታች ይቆይ።

ስታሳጥሩ ቁጥሩን አትጣሉ። «ራቅ ይበል» ብትሉ አንዱ አንድ ክንድ፣ ሌላው አንድ ስንዝር ይመስለዋል። ክልከላውንም በሙሉ ግሱ ጻፉት፦ «በኤክስቴንሽን አትሰኩ፤ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩ።» «ኤክስቴንሽን፦ ጥንቃቄ» ብቻ ከጻፋችሁ፣ አንባቢው በጥንቃቄ ይሰካዋል።

ወረቀቱን ሶኬቱ አጠገብ ለጥፉት፤ ሂተሩ ላይ ግን አይሁን። ከግርጌው አንድ ምልክት ጨምሩበት፦ ስፒናው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ አጥፉት፤ የላላ ሶኬትም ብቻውን ስፒናውን ሊያግለው ስለሚችል፣ ኤሌክትሪሻን ሳያየው ዳግመኛ እዚያ ሶኬት ላይ አትሰኩ።