ሰዓቱ ሲጀምር፦ በንባብ ፈተና የመጀመሪያ ደቂቃዎች ስንደነግጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን አስጠናለሁ። ነርሶች አሉ፣ መምህራን አሉ፣ ስኮላርሺፕ የሚሞሉ ልጆችም አሉ። የሙከራ ፈተና ሰጥቼ «ጀምሩ» ካልኩ በኋላ ወረቀታቸውን አላይም፤ ፊታቸውን ነው የማየው። ማን እንደደነገጠ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። እስክሪብቶው ይቆማል፣ ዐይን ከታች ወደ ላይ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይመለሳል።

የንባቡ ክፍል 60 ደቂቃ ነው። 3 ምንባብና 40 ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 1 ነጥብ ይይዛል፣ ተሳስቶ መመለስ ነጥብ አያስቀንስም። እንግዲህ በድንጋጤ 3 ደቂቃ ቢጠፋ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። ሰው የሚወድቀው በእነዚያ 3 ደቂቃዎች ውስጥ በጀመረው መጥፎ አካሄድ እስከ 25ኛው ደቂቃ ስለሚቀጥል ነው።

ደንግጦ ሳለ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ማንበብ

ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልብ ድው ድው እያለ፣ እጅ እየራደ፣ ሰውዬው ከአንደኛው መስመር ይነሣል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አንደኛው ምን እንዳለ ጠፍቶታል። ይመለሳል። «አልገባኝም» ይላል፤ አሁን ደግሞ አለመግባቱ ራሱ ያስደነግጠዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ መምህር እንዲሁ ሲመላለስ ዝም ብዬ አየሁት፤ 9 ደቂቃ ሙሉ ከመጀመሪያው አንቀጽ አልወጣም። በኋላ ሻይ እየጠጣን ያንኑ አንቀጽ ሰጠሁት፤ አንዴ አንብቦ እየሳቀ አስረዳኝ።

እንግሊዝኛው አልነበረም ችግሩ። ዓረፍተ ነገር የሚገባን መጀመሪያውን በአእምሯችን ይዘን መጨረሻው ላይ ስንደርስ ነው። ይህ ለአፍታ የምንይዝበት ቦታ ጠባብ ነው። «ብወድቅስ? የከፈልኩት ብርስ? ቤት ምን እላለሁ?» የሚለው ሐሳብም እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ዐይን ያነባል፣ የሚይዘው ግን የለም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ምንባቡን በሙሉ ልረዳ ብሎ መነሣት የለበትም። የሚያዋጣው መፈለግ ነው። የተደናገጠ ሰው መረዳት ቢያቅተው እንኳ መፈለግ ይችላል። ገበያ መሀል ልጇ የጠፋባት እናት መጽሐፍ አታነብም፣ ቀይ ሹራብ ግን ከሩቅ ትለያለች።

ተማሪዎቼን የማሠራቸው እንዲህ ነው። ሁለት ጊዜ ያነበባችሁት መስመር ካልያዘላችሁ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ በቀስታ አስወጡ፤ ሦስት ጊዜ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ ምንባቡን ትታችሁ ወደ ጥያቄዎቹ ሂዱና ዓመተ ምሕረት፣ ቁጥር ወይም የሰው ስም ያለበትን አንድ ጥያቄ ምረጡ። እኔ «ችካል» እለዋለሁ። ያንን ቁጥር ወይም ስም በምንባቡ ውስጥ በዐይን ብቻ ፈልጉ፤ ስታገኙት ዓረፍተ ነገሩን፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንዳንድ ጨምራችሁ አንብቡ። መልሱን ጻፉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ደቂቃ አንድ መልስ ወረቀት ላይ ካለ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደለመዳችሁት ሥሩ።

ችካል ስትመርጡ ለአንቀጾች ርዕስ ከሚያስመርጠው ጥያቄ አትነሡ፤ እሱ ሙሉ አንቀጽ መረዳት ይጠይቃል፣ መልሶቹም በምንባቡ ቅደም ተከተል አይመጡም። የቀረበው ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር ይስማማል፣ ይቃረናል ወይስ ምንባቡ አላነሣውም የሚሉት የትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን ጥያቄዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንባቡን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። አንዱን ካገኛችሁት ቀጣዩ ከእሱ በታች ነው።

ልብ እስኪረጋጋ መጠበቅ

አይረጋጋም፤ ቢያንስ ወዲያው አይረጋጋም። ደም ውስጥ የገባው አድሬናሊን እስኪወጣ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ልብ እየመታም ማንበብ ይቻላል። ሦስቱ ትንፋሾች ልብን ዝም አያሰኙም፣ እጅን ግን ከመሮጥ ይመልሳሉ።

በዚሁ ላይ አንዳንዱ «ተንፍሱ» ሲባል እንደ ወናፍ በፍጥነትና በኃይል ይተነፍሳል። እንዲህ ሲሆን ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ሰውዬው «በቃ ልወድቅ ነው» ብሎ ይብሳል። ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም፤ ደረታችሁ አይለጠጥ፣ ጎረቤታችሁም አይስማው።

የምታውቁትን መመለስ

አንዲት ነርስ ተማሪዬ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ምንባቡ እኔ ያዘጋጀሁት ስለ ቴርሞሜትር ታሪክ ነበር። ደነገጠች፣ ቆመች፣ ሦስቱን ትንፋሽ ወሰደች፤ ጥሩ። ከጥያቄዎቹ መሀል 1742 የሚል አየች፤ ችካሏን በትክክል መረጠች። ጥያቄው ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን ነው፦ «ሴልሺየስ በ1742 ባቀረበው መለኪያ ውኃ የሚፈላው በ100 ነበር።» ፈገግ ብላ ወዲያው «ትሩ» ጻፈች። ምንባቡን አላየችውም።

«አንቺ፣ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቴርሞሜትር እኮ በየቀኑ የምይዘው ዕቃ ነው!»

ምንባቡ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ሴልሺየስ መጀመሪያ ያቀረበው መለኪያ የተገለበጠ ነበር፤ ውኃ የሚፈላበትን 0፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 ብሎ ነው የሰየመው። ወደ ዛሬው መልክ የተገለበጠው በኋላ ነው። መልሱ «ፎልስ»። ችካሉን አግኝታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብታነብ ኖሮ ነጥቡ የእሷ ነበር። የደነገጠ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያይ እንደ ዘመድ ይጠመጠምበታል፣ ፈታኞቹም ይህን ያውቁታል።

ቀጣዩ ጥያቄ «የሴልሺየስ መለኪያ ከፋረንሃይት መለኪያ ይልቅ በስዊድን በፍጥነት ተቀባይነት አገኘ» ይላል። ስለ ሁለቱ መለኪያዎች ተወርቷል፣ ስለ ፍጥነታቸው ማነጻጸሪያ ግን የለም። ምንባቡ ተቃራኒውን ከተናገረ «ፎልስ» ነው፣ ጭራሽ ካላነሣው «ኖት ጊቭን»። እሷ እዚህ ጋ ምንባቡን ሦስት ጊዜ አገላበጠች፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ድንጋጤው ሊመለስባት ደረሰ። ደንቤ ይህ ነው፦ በፊተኛውና በቀጣዩ ጥያቄ መልስ መካከል ያለውን ክፍል አንዴ በጥንቃቄ አንብባችሁ ካጣችሁት «ኖት ጊቭን» ጻፉና እለፉ። በሁለተኛው ሙከራ 40 ሰከንድ ፈጀባት።

መልሱን «በኋላ እገለብጠዋለሁ» ማለት

ይህን የሠራሁት ራሴ ነኝ። በወረቀት ፈተና ከንባቡ በፊት ማዳመጥ አለ፤ ለማዳመጡ መልስ መገልበጫ 10 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለንባቡ ግን አይሰጥም። ይህን እያወቅሁ፣ ደንግጬ መጀመሪያ ላይ መልሶቼን ጥያቄው ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ «ሲረጋጋልኝ እገለብጣለሁ» ብዬ። ሰዓት አልቋል ሲባል 6 መልስ አልተገለበጠም ነበር። ያም ብቻ አይደለም፤ 4ኛውን ዘልዬ ስለነበር የ5ኛውን መልስ 4ኛው መስመር ላይ አስቀምጬ ስድስት ሰባት ጥያቄ ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ነኝ። አሁን ማንም ተማሪ ጥያቄ ሲዘል መልስ መስጫው ላይ በዚያ ቁጥር ትንሽ ነጥብ እንዲያደርግ አስገድዳለሁ። መጨረሻ ላይ ነጥብ ያለበት ሁሉ በግምትም ቢሆን ይሞላል።

ማዳመጡን ይዞ ወደ ንባቡ መግባት

«ሦስተኛው ክፍል አመለጠኝ» እያሉ የንባቡን ወረቀት የሚከፍቱ አሉ። ያ አልቋል፣ ውጤቱም ለብቻው ነው የሚሰጠው።

ሦስቱንም ምንባብ አገላብጦ ማየት

ሌላ አስጠኚ ይመክረው ይሆናል፤ ለተረጋጋ ሰው አልከራከርም። ለደነገጠ ሰው ግን ሦስተኛውን ምንባብ ማየት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከባዱ እሱ ነውና።

የግድግዳውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

እንደ ቀልድ ይመስላል፣ ሁለት ሰው ላይ ግን ደርሷል። የእጅ ሰዓት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ያላችሁ የግድግዳው ነው። የለመደ አእምሮ በእኛ አቆጣጠር ይቀይረዋል፣ ደንግጦ ሲቀይር ደግሞ ይሳሳታል። ሰዓት ቆጣሪውን ተዉት፤ ደቂቃ ቆጣሪው በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው። ሲጀመር 10 ላይ ከነበረ፣ ጥያቄው ወረቀት ጥግ ላይ «10፣ 30፣ 50» ብላችሁ ጻፉ፤ 30 ላይ ሲደርስ ሁለተኛውን ምንባብ፣ 50 ላይ ሦስተኛውን ጀምሩ። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ የቀረው ጊዜ ስክሪኑ ላይ ስላለ በየደቂቃው አትዩት።

አጠገብ ያለው ገጽ ሲገልጥ መደንገጥ

የገለጠው ጨርሶ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ደንግጦ ይሆናል።

ጠዋት ሦስት ሲኒ ቡና

ጅማ ተቀምጬ ቡና አትጠጡ ብል ማን ይሰማኛል። የለመዳችሁትን ያህል ጠጡ። «ንቁ እንድሆን» ብላችሁ በዕለቱ አትጨምሩ፤ ቡናው የሚያመጣው የልብ ምትና የእጅ መራድ ከድንጋጤ አይለይም፣ እናንተም ድንጋጤ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። ሌሊቱን በጫት አጥንተው የሚሄዱ ደግሞ አሉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያነበበውን መስመር ሁለት ጊዜ ሳይሆን አምስት ጊዜ ነው የሚመለስበት። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ፤ በሌሊት ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ በዚያው ቀን መቀመጥ አይሞከርም።

ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናው ላይ መሞከር

የነገርኳችሁን ዛሬ አንብባችሁ ያን ቀን ልታስታውሱት ብትሞክሩ አይመጣም። የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ብቻ ለይታችሁ ተለማመዱ። ምንባብ አውጡ፣ ስልካችሁን በ4 ደቂቃ ሙሉ፤ ሦስት ትንፋሽ፣ ደቂቃዎቹን ጥግ ላይ መጻፍ፣ ችካል መምረጥ፣ አንድ መልስ መጻፍ። ሲደውል አቁሙ፣ ምንባቡን አትጨርሱት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ቤት ጸጥ ባለበት ብቻ ሳይሆን ወጣ ብላችሁ ባጃጅ በሚጮህበት ቡና ቤትም ሞክሩት።

ይህ ዘዴ ያልተነበበ እንግሊዝኛን አይተካም። ያለ ድንጋጤ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በ60 ደቂቃ 18 የምታገኙ ከሆነ፣ ፈተና ክፍል ውስጥ 30 የሚያደርሳችሁ ትንፋሽ የለም። ድንጋጤው ከፈተና ውጭም በገበያ፣ በታክሲ፣ በመኝታ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከእኔ በላይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ነርሷ አሁን ያን ገጽ ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት ነው። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ የምትጸልይ መስሎት ነበር።